የሆስፒታል መዝገብ ሲስተም ቴስት ዳታ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሆስፒታል መዝገብ ሲስተም የሚሠሩና የሚፈትሹ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል።

የእውነተኛውን ዳታቤዝ ኮፒ ለቴስት ብንጠቀም ምን ችግር አለው?

ቴስት ሰርቨር እንደ ፕሮዳክሽን አይጠበቅም። ዋናው ችግር ይኼው ነው። የይለፍ ቃሉን ቡድኑ በሙሉ ያውቀዋል፣ ባክአፑ በየላፕቶፑ ይቀመጣል፣ ባግ ሲገኝ ስክሪንሹት ተነሥቶ በቻት ይላካል። ሆስፒታሉ ውስጥ የአንድን ታካሚ የኤችአይቪ ውጤት ማየት የሚችሉት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ቴስት ሰርቨሩ ላይ ግን ትናንት የተቀጠረው ዴቨሎፐርም ያየዋል። ማን እንዳየው የሚመዘግብም የለም።

ሌላም አለ። የመዝገብ ሲስተም ዝም ብሎ የተቀመጠ ፋይል አይደለም፤ መልእክት ይልካል። የቀጠሮ ማስታወሻ የሚልከው ክፍል ቴስት ላይ ሲነሣ እውነተኛ ስልክ ቁጥር ካገኘ፣ ጤነኛ ሰው እቤቱ ቁጭ ብሎ "ነገ ለቀዶ ሕክምና ይምጡ" የሚል መልእክት ይደርሰዋል። በዘፈቀደ የተፈጠረ ቁጥርም አያድንም፤ የሆነ ሰው ስልክ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ለኢሜይል `example.com` ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ለምሳሌነት ተብሎ የተያዘ ስም ስለሆነ ለማንም አይደርስም። ለስልክ ደግሞ ቅርጹን የጠበቀ፣ መነሻው ለማንም ያልተመደበ ቁጥር ስጡ። ያም ሆኖ መላኪያውን ራሱን ቴስት ላይ ዝጉት።

ስም፣ ስልክና አድራሻ ከጠፋ አይበቃም?

አይበቃም። ላታንያ ስዊኒ የተባለች የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪ በ1990ዎቹ ይህን በደንብ አሳይታለች። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት የመንግሥት ሠራተኞችን የሕክምና መረጃ ስም አጥፍቶ ለተመራማሪዎች ሰጥቶ ነበር። የትውልድ ቀን፣ ፆታና የፖስታ ኮድ ግን አልጠፉም። ስዊኒ የአንዲት ከተማን የመራጮች መዝገብ በ20 ዶላር ገዝታ ሁለቱን አገናኘች። በከተማዋ የግዛቱ አገረ ገዥ በተወለዱበት ቀን የተወለዱት 6 መራጮች ብቻ ነበሩ። ከእነሱ ወንዶቹ 3፣ በእሳቸው ፖስታ ኮድ የሚኖረው ደግሞ አንድ። የአገረ ገዥው የሕክምና መዝገብ ተገኘ ማለት ነው። በኋላ በ2000 ባወጣችው ስሌት 87 በመቶ የሚሆነው የአሜሪካ ሕዝብ በእነዚህ ሦስት ነገሮች ብቻ ተለይቶ ሊታወቅ እንደሚችል ገምታለች።

ስለዚህ የምትፈሩት "ስም" የሚለውን ዓምድ ብቻ አይሁን። ብቻውን ምንም የማይናገር፣ ከሌላው ጋር ሲደመር ግን ሰውየውን የሚጠቁመውን ሁሉ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ከእነዚህ ሁሉ የሚያስቸግረው ቀን ነው። የተወለደበት፣ የገባበት፣ የወጣበት፣ ናሙና የሰጠበት፣ የሞተበት። መዝገቡ ቀን በቀን ነው። ከዚህ በታች ብዙውን ቦታ ለቀን የሰጠሁትም ለዚሁ ነው።

ከዜሮ የተፈጠረ ዳታ ይሻላል ወይስ ማንነቱ የተሰወረ ኮፒ?

ለዕለት ተዕለት ሥራ ከዜሮ የተፈጠረው ይሻላል። የማንም ስላልሆነ የሚያፈተልክ ምስጢር የለውም። ሲንቲያ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከውልደት እስከ ሞት ሙሉ የሕክምና ታሪክ ያላቸው ምናባዊ ታካሚዎችን ይፈጥራል። 1000 ታካሚ ለመፍጠር እንዲህ ይታዘዛል፦

```
./run_synthea -s 42 -p 1000
```

ችግሩ ሲንቲያ የእናንተን ሲስተም ታሪክ አያውቅም። ከአሮጌው ሲስተም ሲዛወር የተበላሸውን መዝገብ፣ ሁለት ካርድ ያወጣውን ታካሚ፣ ሳይዘጋ የቀረውን የአልጋ ምዝገባ አይፈጥርላችሁም። ዳታ ከአንድ ሲስተም ወደ ሌላ ስታዛውሩ፣ ሪፖርት ስትፈትሹ ወይም ፍጥነት ስትለኩ ማንነቱ የተሰወረ ኮፒ ያስፈልጋችኋል። እኔ ብሆን ሁለቱንም እይዛለሁ። የተፈጠረው ለሁሉም ክፍት ይሁን፤ የተሰወረው ኮፒ ግን ፈቃድ ላለው ብቻ። "ተሰውሯል" ማለት "ምንም አደጋ የለውም" ማለት አይደለምና።

የካርድ ቁጥሩን ሃሽ ብናደርገው አይበቃም?

ተራ ሃሽ እዚህ ላይ ዋጋ የለውም። የካርድ ቁጥር ስድስት አሃዝ ከሆነ ሊኖር የሚችለው አንድ ሚሊዮን ቁጥር ብቻ ነው። አንድ ላፕቶፕ ሁሉንም ሃሽ አድርጎ ለማመሳሰል ሰከንዶች ይበቁታል። በ2014 የኒውዮርክ ታክሲዎች የጉዞ መረጃ ሲወጣ የታክሲዎቹ መለያ ቁጥር በኤምዲ5 ሃሽ ተደርጎ ነበር። የመለያዎቹ ቅርጽ የታወቀና ጥቂት ስለነበር ወዲያው ተፈታ።

መፍትሔው ምስጢራዊ ቁልፍ ያለው ሃሽ ነው፤ ኤችማክ ይባላል። ቁልፉን የማያውቅ ሰው ቁጥሮቹን ሁሉ ቢሞክር እንኳ ማመሳሰል አይችልም። ግን የኤችማክን ውጤት ቆርጣችሁ ስድስት አሃዝ አታድርጉት። 50,000 ታካሚ ካላችሁ ከአንድ ሺህ በላይ ጥንዶች አንድ ዓይነት ቁጥር ይደርሳቸዋል፤ የሁለት ሰው መዝገብም ይደባለቃል። ይልቅ ታካሚዎቹን በኤችማክ ውጤታቸው ቅደም ተከተል ደርድሩና ከአንድ ጀምራችሁ አዲስ ቁጥር ስጧቸው። እንዲህ ከሆነ አይደጋገምም፤ የድሮው ቅደም ተከተልም ይጠፋል። የካርድ ቁጥራችሁ መጨረሻ ላይ የማረጋገጫ አሃዝ ካለው እሱንም እንደገና አስሉት። አለበለዚያ የገዛ ሲስተማችሁ ቁጥሩን አልቀበልም ይላል።

ላብራቶሪው፣ ፋርማሲውና ሒሳብ ክፍሉ የየራሳቸው ዳታቤዝ ካላቸው ሁሉም በአንድ ማዛመጃ ሰንጠረዥ መቀየር አለባቸው። ሥራው ሲያልቅ ሰንጠረዡም ቁልፉም ይጥፉ። እነሱ እስካሉ ድረስ ዳታው ወደ ሰውየው ይመለሳል፤ የአውሮፓው የመረጃ ጥበቃ ሕግም እንዲህ ያለውን ዳታ እንደ ግል መረጃ ነው የሚቆጥረው። ኪሳራ አለው፦ በሚቀጥለው ኮፒ ታካሚው ሌላ ቁጥር ያገኛል፤ ቴስተሮች በቃላቸው የያዙት ቁጥር አይሠራም። ለእነሱ በእጅ የተሠሩ፣ የማይለወጡ ጥቂት ታካሚዎችን ጨምሩላቸው።

ቀኖቹን ምን እናድርጋቸው?

በዘፈቀደ መቀየር አይሆንም። ውጤቱ ናሙናው ከመሰጠቱ በፊት ይደርሳል፣ ሰውየው ሳይወለድ ይከተባል። ዓመቱን ብቻ ማስቀረትም ለቴስት አይጠቅም። የአሜሪካው የጤና መረጃ ሕግ፣ ሂፓ፣ በአንደኛው መንገዱ ከሰውየው ጋር የተያያዘ ቀን ሁሉ ከዓመቱ በቀር እንዲጠፋ ይጠይቃል። እንዲህ ባለ ዳታ ግን "ታካሚው ስንት ቀን ተኛ?" የሚለውን ሪፖርት መፈተሽ አይቻልም።

የሚሠራው መንገድ ቀንን መግፋት ነው። ለእያንዳንዱ ታካሚ አንድ የቀን ብዛት ይመረጥለታል፤ የትውልድ ቀኑን ጨምሮ ያሉት ቀኖች ሁሉ በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። በቀኖቹ መካከል ያለው ርቀት አይነካም። ብዛቱን የሰባት ብዜት ብታደርጉት የሳምንቱም ቀን ይጠበቃል። የእሑድ ተረኛ ሐኪም እሑድ እንደሆነ ይቀራል፤ ቅዳሜና እሑድ የሚዘጋው ክሊኒክም ዝግ ይሆናል። ወደ ኋላ የሚባለው ወደፊት ከተገፋ ገና ያልደረሰ ቀን ላይ የተሰጠ መድኃኒት ስለሚፈጠር ነው።

```python
import hmac, hashlib

def shift_days(key: bytes, group_id: str) -> int:
    d = hmac.new(key, group_id.encode(), hashlib.sha256).digest()
    n = int.from_bytes(d[:4], "big")
    return -7 * (n % 52 + 1)
```

ይህ ከ7 እስከ 364 ቀን ወደ ኋላ ይገፋል። ሚሚክ የሚባለው የጽኑ ሕሙማን የምርምር ዳታ በዚሁ ሐሳብ የተሠራ ነው፤ እዚያ ግን ቀኖቹ ከ2100 ወዲያ ተወስደዋል፤ ማንም እውነተኛ እንዳይመስሉት። ለምርምር ጥሩ ነው። "ዛሬ"ን ከሰዓት ላይ አንብቦ ዕድሜ ለሚያሰላ ሲስተም ግን ራስ ምታት ነው።

አንድ የሚያመልጥ ነገር አለ፤ የትውልድ ቀን ላይ የሚያርፍ ቀጠሮ። በ2024-03-05 የተወለደ ሕፃን በ2025-03-05 የአንድ ዓመት ክትባቱን ወሰደ እንበል። ሁለቱንም በ35 ቀን ስትገፉት 2024-01-30 እና 2025-01-29 ይሆናሉ። ፌብሩዋሪ 29 በመካከላቸው ስለገባ ሕፃኑ አንድ ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ቀረው። ሲስተሙም "ክትባቱ ያለ ጊዜው ተሰጥቷል" ብሎ ይጮኻል። ባግ አይደለም፤ የመግፋቱ ውጤት ነው። ቴስተሮቹ ቀድመው ቢያውቁት ግማሽ ቀን ይተርፍላቸዋል።

ለእያንዳንዱ ታካሚ የየራሱን ብዛት ሰጠን፤ ታዲያ የማዋለጃው ክፍል ሪፖርት ለምን ተበላሸ?

እናትና ልጅ በመዝገቡ ሁለት ታካሚዎች ስለሆኑ ነው። በአንድ ምሳሌ እንየው። እናትየው 1995-06-18 ተወለደች። የእርግዝና ክትትል የጀመረችው 2023-10-04 ነው። 2024-03-12 ወለደች፣ 2024-03-16 ወጣች። ጨቅላው በተወለደ በሁለተኛው ቀን፣ 2024-03-14፣ ለቢጫነት የቢሊሩቢን ምርመራ ተደረገለት።

ለእናትየው 91 ቀን ደረሳት እንበል። ትውልዷ 1995-03-19፣ ክትትሏ 2023-07-05፣ ወሊዷ 2023-12-12፣ መውጫዋ 2023-12-16 ይሆናል። ከክትትል እስከ ወሊድ ያለው 160 ቀን አልተነካም፤ ስትወልድ 28 ዓመቷ መሆኑም እንዳለ ነው። የወለደችበት ማክሰኞም ማክሰኞ ነው። እስካሁን ሁሉ ሰላም። ለጨቅላው ግን 35 ቀን ደረሰው፤ ስለዚህ የተወለደው 2024-02-06 ሆነ። እናትየው ከሆስፒታል ከወጣች ከ52 ቀን በኋላ ማለት ነው! የወሊድ ሪፖርቱ ልጁን ከእናቱ አልጋ ጋር ማገናኘት አይችልም።

ስለዚህ ብዛቱ የሚሰጠው ለታካሚ ሳይሆን ለተሳሰሩ ታካሚዎች ቡድን ነው። ኮዱ ላይ `group_id` ያልኩት ለዚህ ነው። እናትና ልጅ፣ መንትዮች፣ ኩላሊት ሰጪና ተቀባይ በአንድ ቡድን ይገባሉ። ሁለት ካርድ ያወጣ ሰውም እንዲሁ፤ ካርዶቹ በኋላ ሲዋሐዱ ታሪኩ እንዳይጣረስ። አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት የታካሚ ቁጥር በአንድ ረድፍ የሚያስቀምጡ ሰንጠረዦችን ፈልጉ፤ የተገናኙትን ሁሉ አንድ ቡድን አድርጉና የቡድኑን ትንሹን ቁጥር መለያ አድርጋችሁ ስጡት። ቡድኑ ግን እንዳይንዛዛ ተጠንቀቁ። "የቅርብ ዘመድ" በሚለው ሰንጠረዥ ከሄዳችሁ ግማሽ ከተማ አንድ ቡድን ሊሆን ይችላል። ያኔ ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ብዛት ይገፋል፤ የአንዱን እውነተኛ ቀን ያወቀ የሁሉንም ያውቃል።

ቀኑ ከተገፋ በኋላ እውነተኛውን ቀን ምን ሊያሳብቅ ይችላል?

ተከታታይ ቁጥር። ይኼን ብዙ ቡድን ይዘነጋዋል። የጉብኝት ቁጥር (`visit_id`) በራሱ እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ፣ የቁጥሩ ቅደም ተከተል ራሱ የጊዜ ቅደም ተከተል ነው። ከአንድ ጉብኝት በፊትና በኋላ ያሉትን መቶ ጉብኝቶች ውሰዱና የተገፉ ቀኖቻቸውን አማካይ አስሉ። ከ7 እስከ 364 ሲገፋ አማካዩ 185.5 ቀን ስለሆነ፣ ያንን መልሳችሁ ስትደምሩ ወደ እውነተኛው ቀን በጣም ትጠጋላችሁ። ሰፊ ናሙና ስትወስዱ ግምቱ ይጠብቃል። ብዛቱ የሰባት ብዜት መሆኑ ደግሞ አጥቂውን ይረዳዋል፤ የሚመርጠው ከጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። አንድ ታካሚ ብዙ ጉብኝት ካለው የእሱ ብዛት ተገኘ ማለት ነው። ስለዚህ የሰንጠረዥ ቁልፎች በሙሉ እንደ ካርድ ቁጥሩ እንደገና ይቁጠሩ። የደረሰኝ ቁጥርና የላብራቶሪ ናሙና ቁጥርም አይቅሩ።

ሁለተኛው የሲስተሙ የራሱ ማኅተም ነው፤ `created_at` እና `updated_at`፣ የኦዲት መዝገብ፣ የመልእክት ወረፋ። "የሕክምና ቀን አይደለም" ተብለው ሳይገፉ ይቀራሉ። ደግሞ ብዙ የላብራቶሪ መሣሪያ የሚልከው መልእክት እንዳለ በጽሑፍ ዓምድ ውስጥ ይቀመጣል፤ በውስጡ ቀንም ስምም አለ። የኦዲት መዝገቡን ባዶ ማድረግ ይሻላል። ቴስት ሲጀመር ራሱ ይሞላል።

የሐኪም ማስታወሻስ?

አውጡት። በማስታወሻ ውስጥ ስም መፈለጊያ ስክሪፕት ስም ያገኝ ይሆናል፤ "የከተማው ብቸኛ የዓይን ሐኪም ሚስት" የሚለውን ግን አያገኝም። ለቴስት የማስታወሻው ይዘት ከሞላ ጎደል አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ርዝመቱ፣ የመስመር አጣጣሉና ያልተለመዱ ምልክቶቹ ናቸው። በምርመራ ኮዱ ላይ ተመሥርታችሁ ከተዘጋጁ ዓረፍተ ነገሮች አዲስ ጽሑፍ ገጣጥሙ፤ ርዝመቱ ከድሮው ጋር ይቀራረብ። የኤክስሬይና የአልትራሳውንድ ምስልም በዚሁ ይታያል። ስም በፋይሉ መግለጫ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ምስሉ ላይም ታትሞ ሊገኝ ስለሚችል በነፃ የሚገኝ የናሙና ምስል ተኩበት።

ዳታው በጣም ንጹሕ ቢሆን ምን አለበት?

ሲስተሙ ቴስት ላይ ያልፋል፣ ሆስፒታል ውስጥ ይወድቃል። ስሙ ያልታወቀ የድንገተኛ ታካሚ፣ የትውልድ ቀኑ በግምት ጥር 1 ተብሎ የተሞላ፣ ኪሎው በግራም የተጻፈ ጨቅላ፣ ከሞተ በኋላ የላብራቶሪ ውጤት የመጣለት ሰው፤ እነዚህ ስሕተት ሳይሆኑ የሆስፒታል ኑሮ ናቸው። ስትሰውሩ "አጽድታችሁ" እንዳታጠፏቸው። ባዶ የነበረው ዓምድ ባዶ ሆኖ ይቅር። ስም የሚተካው ስክሪፕት ባዶውን ቦታ ሁሉ ስም ከሞላው፣ ስም የለሹን ታካሚ የሚፈትሽ ነገር አይኖራችሁም።

በደንብ መሰወሩን በምን እናውቃለን?

ለመስበር በመሞከር። ኮፒው ከመሰወሩ በፊት በፕሮዳክሽን ውስጥ የሌለ፣ እንግዳ ስምና ስልክ ያለው አንድ ምናባዊ ታካሚ ኮፒው ውስጥ አስገቡ፤ በስሙ ማስታወሻ፣ ደረሰኝና የላብራቶሪ መልእክትም ይኑረው። ስክሪፕቱ ከሠራ በኋላ ስሙን ዳታቤዙን በሙሉ አውጥታችሁ ፈልጉት። አንድ ቦታ እንኳ ከተገኘ ያመለጠ ዓምድ አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ማንም ባላሰበው የሎግ ወይም ጊዜያዊ ሰንጠረዥ ውስጥ ነው።

ቀጥሎ ብቻቸውን የቀሩትን ቁጠሩ፦

```sql
SELECT birth_year, sex, district, COUNT(*) AS n
FROM patient
GROUP BY birth_year, sex, district
HAVING COUNT(*) < 5;
```

ከአምስት ያነሱት በቀላሉ ይጠረጠራሉ። የአካባቢውን ክፍፍል አስፉት፣ ወይም እነዚያን ታካሚዎች ከኮፒው አውጡ። በጣም ያረጁትን ለብቻ እዩ። ሂፓ ከ89 ዓመት በላይ የሆኑትን ሁሉ "90 እና ከዚያ በላይ" በሚል አንድ ክፍል እንዲጠቃለሉ ይፈልጋል፤ ቀን መግፋትም አያድናቸውም። የ104 ዓመት አዛውንት በአንድ ዓመት ቢገፉም 104 ናቸው። የገደቡ አምስት መሆን ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም፤ በሽታው ብርቅ ከሆነ አምስትም ያንሳል። ይህን ጥያቄ በምርመራ ኮድም ድገሙት።

ባጉ በአንድ እውነተኛ ታካሚ መዝገብ ላይ ብቻ ከታየስ? ያንን አንድ መዝገብ መውሰድ አይቻልም?

ግፊቱ የሚበረታው እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ ይደውላል፣ ስክሪኑ ተዘግቷል፣ "አንድ ሰው ብቻ ነው" ይባላል። ነገር ግን አንድ ሰው ከነሙሉ ታሪኩ ሲወጣ የሚሸሸግበት ብዛት የለውም። ቀኑ ቢገፋ፣ ስሙ ቢቀየር፣ ያንን ባግ የሚያውቅ ሁሉ የማን መዝገብ እንደሆነ ያውቃል።

መውሰድ ያለባችሁ መዝገቡን ሳይሆን ቅርጹን ነው። ፈቃድ ያለው ሰው ፕሮዳክሽን ላይ ገብቶ ጥያቄዎችን ይመልስ፦ ስንት ጉብኝት አለው? የትኞቹ ዓምዶች ባዶ ናቸው? አለርጂው ስንት ፊደል ነው? ሁለት ክፍት የአልጋ ምዝገባ በአንድ ጊዜ አለው? መልሱን ይዛችሁ በእጅ አንድ ታካሚ ፍጠሩ። ባጉ ካልተደገመ አንድ ጥያቄ ቀርቷችኋል፤ ተመልሳችሁ ጠይቁ። ከተደገመ ግን ያ የፈጠራችሁት ታካሚ ከቋሚዎቹ ጋር ይቀመጥ። በሚቀጥለው ሪሊዝ ያው ባግ ተመልሶ ቢመጣ መጀመሪያ የሚይዘው እሱ ነው።